«ሂደት ላይ ነው» ብለን የተውነው ፋይል 21 ቀን ተመልሶ ቁጭ ብሎ ነበር፤ የሌላ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠብቅ ሥራን እንዴት ነው የምትመዘግቡት?

ሕሊና_ከጎተራ · ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ስድስት ሆነን የምንሠራ ትንሽ ቢሮ ነን። ዳቦ ቤት ወይም ካፌ መክፈት ለሚፈልግ ሰው ቤቱን አዘጋጅተን፣ ማሽኑን ተክለን እናስረክባለን። ሥራችንን የምንከታተለው በጉግል ሺት ነው። እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር አለው። «አልተጀመረም»፣ «ሂደት ላይ» ወይም «አልቋል» እንለዋለን።

አሁን የገጠመን ይኸውላችሁ። ለአንድ ዳቦ ቤት የኤሌክትሪክ ኃይል ይጨመርልን ብለን ሰኞ ጥቅምት 10 ደብዳቤ አስገባን። ሺቱ ላይ «ሂደት ላይ» ብለን ጻፍን። ባለቤት በሚለው ዓምድ የመሥሪያ ቤቱን ስም አስገባን። ከዚያ ሁላችንም ወደ ቀለምና ወደ ሴራሚክ ሥራ ዞርን። ሰኞ ሰኞ ስንሰበሰብ «ኃይሉስ?» ይባላል፣ «ሂደት ላይ ነው» ይባላል፣ ይታለፋል።

ትናንት ኅዳር 8 ራሴ ሄድኩ። ፋይሉ ለካ ጥቅምት 17 ተመልሷል! የማሽኖቹን የኪሎዋት ድምር የያዘው ገጽ ላይ የኢንጂነሩ ማኅተም የለም። ደውለውልን ነበር፤ ግን ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ከእኛ የለቀቀ ልጅ ስልክ ነው። 21 ቀን ሙሉ እነሱን እየጠበቅን መስሎን፣ እነሱ እኛን ይጠብቁ ነበር። በዚህ መሐል የመጋገሪያው ፕሮፎርማ ኅዳር 5 ጊዜው አለፈ። አቅራቢው አዲስ ዋጋ ነው የሚሰጠን።

የማኅተሙ ጥፋት የእኛ ነው፤ እሱን አርመናል። የምጠይቀው ስለ አመዘጋገቡ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመዘገብ ምን ቢጻፍ ነው ሳይረሳ የሚቆየው?

---

የደሴው_ልጅ · ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ማታ

እህቴ በጣም አዝኛለሁ። ወንድሜም የንግድ ፈቃዱን ሊያድስ ሄዶ እንዲሁ «ነገ ና» እየተባለ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። እኔ የምመክርሽ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ውስጥ የምታውቂው ሰው ካለም እንዲያፋጥንልሽ ጠይቂው።

---

ሕሊና_ከጎተራ · ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ማታ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ የወንድምህንም ነገር እግዚአብሔር ያቅናለት። ግን እዚህ እነሱ አላዘገዩኝም። በሳምንታቸው አይተው መልሰውታል፣ ደውለውማል። ያላወቅነው እኛ ነን። እኔ ሺቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ነው መድፈን የምፈልገው።

---

ሚኪ_ኮድ · ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ማታ

ቀላል ነው። «በመጠበቅ ላይ» የሚል አራተኛ ሁኔታ ጨምሪ። እኛ ሶፍትዌር ስንሠራም እንዲሁ ነው። አፕ ለግምገማ ስንልክ ካርዱ ከ«እየተሠራ» ወጥቶ ወደ «በመጠበቅ ላይ» ይሄዳል። ከዚያ ማንም አይነካውም፤ ኳሱ እነሱ ጋ ነው። ባለቤቱም ያው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ልክ ጽፈሻል። ቀን ከፈለግሽ ደግሞ ሁሉም ላይ ከገባበት ቀን 7 ደምሪ፣ አለቀ።

---

ጋሽ_መዝገቡ · ረቡዕ ኅዳር 10፣ ጠዋት

ልጄ ሕሊና፣ እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን በአንድ የሕንፃ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሌሎችን ፋይል የምከታተል ሰው ነኝ። ጠረጴዛውን ከሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ።

ሚኪ የተናገረው ግማሹ ትክክል ነው። «ሂደት ላይ» እና «በመጠበቅ ላይ» መለየት አለባቸው። «ሂደት ላይ» ሲባል እጃችን ሥራው ላይ ነው ማለት ነው። «በመጠበቅ ላይ» ሲባል አሁን እኛ ብንፈልግም ልንሠራው አንችልም ማለት ነው። የእናንተ ሺት ሁለቱን አንድ ቃል ውስጥ ከተታቸውና ስብሰባ ላይ ያ ቃል መልስ መሰላችሁ።

ባለቤቱ ላይ ግን አልስማማም። መሥሪያ ቤቱ የእናንተን ሺት አያይም። ስሙን ባለቤት ብላችሁ ስትጽፉ ባለቤት የሌለው ሥራ ነው የመዘገባችሁት። ባለቤት ሁልጊዜ ከቤታችሁ የሆነ አንድ ሰው ነው። «ቢሮው» ወይም «ኢንጂነሪንግ ክፍል» አይባልም፣ ስም ነው የሚጻፈው። የሱ ሥራ ፈቃዱን መስጠት ሊሆን አይችልም። ፋይሉ ዛሬ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ማወቅ ነው ሥራው። የሚጠበቀው አካል በሌላ ዓምድ ይግባ።

እዚያ ዓምድ ላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም። ደብዳቤ ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቅጂያችሁ ላይ ማኅተም አድርጎ ገቢ ቁጥርና ቀን ይጽፍላችኋል። ያንን ቁጥር ጻፉት። ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው በአንድ ደቂቃ መልስ ያገኛል። «ባለፈው ያስገባነው የዳቦ ቤቱ» እያለ የሚመጣ ሰው ግን መዝገብ ሲገለጥለት ይውላል። ቀጥሎ ለማን እንደተመራ ጠይቁና የክፍሉን ስም ጨምሩ። ፋይል ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊ፣ ከኃላፊ ወደ ባለሙያ፣ ከባለሙያ ተመልሶ ወደ ፊርማ ይሄዳል። አንዱ ጋ ሲቆም የትኛው ጋ እንደቆመ ካላወቃችሁ ጥያቄያችሁ አየር ላይ ነው።

---

ሚኪ_ኮድ · ረቡዕ ኅዳር 10፣ ጠዋት

ጋሼ ባለቤቱን ተቀበልኩ፣ ልክ ነዎት። ግን ቀኑስ? በሰባት ቀን በሰባት ቀን መጠየቅ ምን ችግር አለው? አንድ አይነት ሲሆን ለሁሉም ይቀላል።

---

ጋሽ_መዝገቡ · ረቡዕ ኅዳር 10፣ ምሳ ሰዓት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ፣ ሁሉም መጠየቂያ አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደለም።

የመጀመሪያው ከሁለት ወይም ከሦስት የሥራ ቀን በኋላ ነው። ያን ቀን «አልቋል?» አትበሉ። «ከመዝገብ ቤት ወጥቷል? ለማን ተመራ?» ነው የሚባለው። ማንንም አያስቸግርም፣ የእኔ ባልደረቦች ይህን የሚጠይቅን ሰው ይወዱት ነበር። ሁለተኛው ባለሙያው ፋይሉን ገልጦ ካየ በኋላ ነው። «የጎደለ ነገር አለ?» ይባላል። የሕሊና ፋይል የወደቀው እዚች ጋ ነው። በሳምንቱ አንድ ሰው ይህንን ቢጠይቅ ኖሮ ማኅተሙ ጥቅምት 18 ተመትቶ ይገባ ነበር። ሦስተኛው እነሱ ራሳቸው በነገሯችሁ ቀን ማግስት ነው።

ከዚህ ሌላ ከኋላ የሚቆጠር ቀን አለ። ፕሮፎርማችሁ ኅዳር 5 ያልፍ ነበር ብለሻል። እንግዲያው የኃይሉ መስመር ላይ ቢያንስ አንድ መጠየቂያ ከኅዳር 5 አምስት ስድስት ቀን ቀድሞ መውደቅ ነበረበት፣ አቅራቢውን «ቀን አራዝምልን» ለማለት የሚያስችል ጊዜ እያለ። ሰባት ሰባት የሚደምር ሺት ይህን አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ እባካችሁ ያዙልኝ። ጠይቃችሁ ስትመለሱ አዲስ ቀን ሳትጽፉ መስመሩን አትዝጉ። «ዛሬ ጠየቅኩ፣ ነገ ና አሉኝ» ካላችሁ የነገን ቀን ጻፉ። ማን እንደተናገረና ምን እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። «በመጠበቅ ላይ» ሆኖ የወደፊት ቀን የሌለው መስመር ከተገኘ ያ ሥራ ተረስቷል ማለት ነው።

---

ዱባይ_ዶክመንት · ረቡዕ ኅዳር 10፣ ማታ

ሰላም ከዱባይ። ኮንስትራክሽን ላይ ዶክመንት ኮንትሮለር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ነው። ጋሽ መዝገቡ ያሉትን ሁሉ እፈርምበታለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ከመጠበቅ መውጫው አንድ በር ብቻ አይደለም።

እኛ ጋ ንድፍ ለአማካሪው ስንልክ መልሱ በፊደል ነው የሚመጣው። ኤ ጸድቋል ነው። ሲ አስተካክላችሁ መልሱ፣ ዲ ውድቅ ነው። ሰው የሚሳሳተው ቢ ላይ ነው። ቢ ማለት ጸድቋል፣ ግን አስተያየት አለው። ሥራ መጀመር ትችላላችሁ፣ አስተያየቱን ግን ማስተካከል አለባችሁ።

በአንድ ፕሮጀክት የኮርኒስ ንድፍ ልከን በቢ ተመለሰ። ያኔ የነበረው ልጅ «ጸድቋል» ብሎ ዘጋው። አስተያየቱ ግን የእሳት ማጥፊያ ውሃ የሚረጩት አፎች ቦታቸው ይቀየር የሚል ነበር። ኮርኒሱ ተገጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ አለቀ። ከዚያ ተቆጣጣሪ መጣና 40 ካሬ ያህል ተመልሶ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቢ ሲመጣ አንዱን መስመር ሁለት አደርገዋለሁ። አንዱ «ሥራ ይጀመር» ነው፣ ሌላው «አስተያየቱ ይስተካከል» የሚል ሆኖ የራሱ ባለቤትና ቀን አለው።

ለሕሊና፣ «ተመልሷል» የሚል ሁኔታ ለብቻው ይኑርሽ። የተመለሰ ሥራ እየጠበቀ አይደለም፣ እናንተ ጋ ነው። ቀለሙም ይለይ። እኛ ቀይ እናደርገዋለን፤ በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ቆሞ እሱ ነው የሚሠራው።

---

ሕሊና_ከጎተራ · ረቡዕ ኅዳር 10፣ ማታ

እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ ፋይሉን ማኅተም አስመትተን መልሰን አስገባን፤ መስመሩንም እንዳላችሁት ጻፍኩት፦

```
ሥራ: የኃይል ጭማሪ ፈቃድ (ዳቦ ቤት)
ሁኔታ: በመጠበቅ ላይ
የሚጠበቀው: ቴክኒክ ክፍል፣ ገቢ ቁጥሩ ተመዝግቧል
ባለቤት: ሕሊና
የገባበት: ኅዳር 10
ቀጣይ መጠየቂያ: ኅዳር 12
የምጠይቀው: ለማን ተመራ?
```

ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክም የቢሮው አድርገነዋል። ባለቤት ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲለቅ ያሉበትን መስመሮች ሁሉ ለሌላ ሰው ሳያዞር እንዳይሄድ ተስማማን።

አሁን ቀኑ ሲደርስ ሺቱ ራሱ እንዲያስታውሰኝ ፈለግኩ። ሚኪ፣ በዚህ እርዳኝ። አንድ ቀመር ሞክሬ ነበር፤ አንዳንዱ መስመር ሁልጊዜ «ጠይቅ» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል።

---

ሚኪ_ኮድ · ሐሙስ ኅዳር 11፣ ጠዋት

ይሄ የኔ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው አይደል የጻፍሽው? ሺቱ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ኅዳር 12 ቀን 2018 ለማለት 12/3/2018 ብለሽ ስትጽፊ፣ እሱ በፈረንጅ ማርች 12፣ 2018 ብሎ ይወስደዋል። ያ ደግሞ ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «ጠይቅ» ይላል። ይሄኛው ቢያንስ ይጮኻል።

ዝም የሚለው ነው አደገኛው። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብለሽ ከጻፍሽ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ሺቱ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ብለሽ ብትጽፊ እንደዚያው ነው። ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ስታወዳድሪው ሺቱ ጽሑፉን ሁልጊዜ ትልቅ ያደርገዋል። ስለዚህ «ቀኑ ደርሷል ወይ?» ስትዪው መቼም «አልደረሰም» ነው የሚልሽ። መለያው ቀላል ነው፤ አሰላለፉን ካልነካሽው እውነተኛ ቀን ወደ ሴሉ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ።

ሁለት ዓምድ አድርጊ። አንዱ ደብዳቤው ላይ ያለውን የኛን ቀን እንዳለ ይያዝ፤ ሰው የሚያነበው እሱን ነው። ሌላው በፈረንጅ ይሁን፤ ቀመሩ የሚያየው እሱን ነው። ሁኔታው ሲ ላይ፣ የፈረንጁ ቀን ኤፍ ላይ ከሆነ ይሄን ለጥፊው፦

```
=IF(C2<>"በመጠበቅ ላይ","",IF(NOT(ISNUMBER(F2)),"ቀን ይስተካከል",IF(F2<=TODAY(),"ዛሬ ጠይቅ","")))
```

ኤፍ ባዶ ከሆነ ወይም ጽሑፍ ከሆነ «ቀን ይስተካከል» ይልሻል። ጋሼ «የወደፊት ቀን የሌለው መስመር ተረስቷል» ያሉትን እሱ ይይዘዋል። በተጨማሪ ዓምዱ ላይ ዳታ ቫሊዴሽን አድርጊና ከ2025 በፊት ያለ ቀን እንዳይቀበል ከልክዪ። እንደዚያ ከሆነ 2018 ብለሽ ስትጽፊ ወዲያው ይመልስሻል። ሁኔታውንም በእጅ አትጻፉት፣ ከዝርዝር የሚመረጥ አድርጉት። አንዱ ሰው «በመጠበቅ ላይ»ን «እየጠበቅን» ብሎ ከጻፈ ቀመሩ አያገኘውም።

---

ጋሽ_መዝገቡ · ሐሙስ ኅዳር 11፣ ምሳ ሰዓት

ሚኪ ልጄ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኛ በወረቀት ደብተር ነበር የምንይዘው፣ ይህ ችግር አላጋጠመኝም። ዛሬ የድርጅቴን ሺት በዚህ ዓይን አያለሁ።

---

ዱባይ_ዶክመንት · ሐሙስ ኅዳር 11፣ ማታ

አንድ ጥያቄ ላንሳ፣ እኛም ገና የምንከራከርበት ነው። ሥራው በመጠበቅ ላይ እያለ የፕሮጀክቱ ቀን ይቆጠራል ወይስ ይቆማል?

---

ሚኪ_ኮድ · ሐሙስ ኅዳር 11፣ ማታ

እኛ እናቆመዋለን። አለዚያ ልጁ ያልሠራውን መዘግየት በሱ ስም ታስቆጥራለህ። የሰው ሞራል ይነካል።

---

ዱባይ_ዶክመንት · ሐሙስ ኅዳር 11፣ ማታ

እኛ አናቆምም። የርክክብ ቀን ውል ውስጥ አለ። ፈቃድ ስለዘገየ ቀኑ በራሱ አይገፋም። በውሉ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ አሳውቀህ፣ ማራዘሚያ ጠይቀህ፣ ከጸደቀልህ ብቻ ነው የሚገፋው። ሺቱ ላይ ሰዓቱን ካቆምክ ማንም ማራዘሚያ መጠየቅ ትዝ አይለውም። ይሄ ሁለቴ ገጥሞኛል።

---

ጋሽ_መዝገቡ · ዓርብ ኅዳር 12፣ ጠዋት

እኔ ሁለቱንም እቆጥራለሁ። ስንት ቀን እኛ ጋ፣ ስንት ቀን እነሱ ጋ እንደቆየ ለየብቻ። ግን ለዚህ ሁኔታው በተቀየረ ቁጥር ቀን መጻፍ ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ሰዎቼ ሁለት ወር ጽፈው ይደክማሉ። ሚኪ ያለው የሞራል ነገርም ትክክል ነው፣ ዱባይ ያለውም ትክክል ነው። እንደ ውላችሁ ዓይነት እዩት።

---

ሕሊና_ከጎተራ · ዓርብ ኅዳር 12፣ ከሰዓት

የእኛ ውል ስለ ማራዘሚያ አንድም መስመር የለውም። አሁን ሳነበው ነው ያየሁት። ከደንበኛው ጋር ቁጭ ብዬ መነጋገር ይኖርብኛል፣ ምን እንደሚል አላውቅም።

የዛሬውን ላሳውቃችሁ። ጠዋት ሺቱ «ዛሬ ጠይቅ» አለኝ፤ ገቢ ቁጥሩን ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት የነበረችው ልጅ ደብተሩን ገልጣ ወዲያው ነገረችኝ፤ ትናንት ከሰዓት ከእነሱ ወጥቶ ለባለሙያ ተመርቷል። ባለሙያው ካለፈው የተለየ ሰው ነው። የማኅተሙን ነገር ስለማያውቅ የተመለሰበትን ማስታወሻ አሳየሁት። ገጹን ገልጦ አየና «ይህቺ ተሟልታለች፣ ሌላውን ሐሙስ እነግርሻለሁ» አለኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ በስልኬ ጻፍኩት። በኛ ኅዳር 18፣ በሌላው ዓምድ 27/11/2025። የምጠይቀው፦ «የቀረ የጎደለ ነገር አለ?»

የመጋገሪያው አቅራቢ ጋም ደወልኩ። አዲሱን ፕሮፎርማ ለ30 ቀን ይሰጠናል። የሚያልፍበትን ቀን ከስድስት ቀን ቀድሜ በዚሁ መስመር አስገብቼዋለሁ።

---

ሚኪ_ኮድ · ዓርብ ኅዳር 12፣ ማታ

ቀመሩን ዛሬ የኛው ቢሮ ሺት ላይ ለጠፍኩት። አራት መስመር «ቀን ይስተካከል» አለኝ። አንዱ ነሐሴ ላይ ለደንበኛ የላክነው የርክክብ ፊርማ ነው። ቀኑ ወደ ግራ ተጠግቶ ተቀምጧል፣ ባለቤት በሚለው ላይ ደግሞ የደንበኛው ድርጅት ስም አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ፤ ስሜን አሁን አስገብቼዋለሁ።